የተተረጎመ የባንክ ስቴትመንት ከዋናው ጋር መግጠሙን እንዴት እናረጋግጣለን?

መጀመሪያ አንድ ነገር ጠይቁ። ትርጉሙ ጭራሽ ያስፈልጋል ወይ? አብዛኞቹ የአገራችን ባንኮች ስቴትመንት የሚያትሙት በእንግሊዝኛ ነው። ለኤምባሲ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛው ይበቃል። በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ከተሰጣችሁ ወደ ትርጉም ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ቅርንጫፉ በእንግሊዝኛ አትሞ ማህተም ያደርግበት እንደሆነ ጠይቁ። እሺ ካሉ ከዚህ በታች ካለው ጣጣ ግማሹ ቀረላችሁ።

ትርጉም የግድ የሚሆነው በሁለት አጋጣሚ ነው። አንደኛው፣ ገንዘቡ ያለው የቁጠባና ብድር ተቋም ወይም ሒሳቡን በአማርኛና በእኛ ዘመን አቆጣጠር የሚይዝ ቦታ ሲሆን፣ ወረቀቱም ለኤምባሲ ሲፈለግ ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲሆን ነው። የፍርድ ቤቱ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ስለሆነ የእንግሊዝኛው ስቴትመንት ወደ አማርኛ ይመለሳል። በሰፊው የምሄድበት በመጀመሪያው ነው፤ ስህተት የሚበዛው እዚያ ነውና። ፍርድ ቤቱን ወደ መጨረሻ እመጣበታለሁ።

ትርጉም ከማሠራታችሁ በፊት

ዋናው ወረቀት ላይ የሚደረገው ማህተም ሁሉ ከትርጉሙ በፊት ይለቅ። ብዙ ሰው ስቴትመንቱን ያስተረጉምና «እንዴ፣ የቅርንጫፍ ኃላፊው ቲተር የለውም» ብሎ ወደ ተቋሙ ይመለሳል። ቲተሩ ይመታለታል። አሁን ግን ዋናው ላይ ያለ ቲተር ትርጉሙ ውስጥ የለም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚያይ ሰው ወረቀቱ በኋላ የተነካካ ሊመስለው ይችላል።

ስለዚህ መስኮቱ ላይ ሳላችሁ እዩት። እያንዳንዱ ገጽ ማህተም አለው? ፊርማው ስም አለው? ማህተሙ ቁጥር ላይ አርፎ ቁጥሩን ሸፍኖታል? ከሸፈነው እዚያው ሌላ እንዲያትሙላችሁ ለምኑ። ከማህተም ሥር ያለ ቁጥር ለተርጓሚው ግምት ነው፣ ተርጓሚ ደግሞ መገመት የለበትም። የወረቀቱን ጀርባም ገልብጡ፤ ጀርባ ላይ ያለ ማህተም ወይም ማስታወሻም ይተረጎማል።

ከዚያ የፓስፖርታችሁን ኮፒ ለተርጓሚው ስጡት። ስማችሁ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከፓስፖርቱ ፊደል በፊደል መግጠም አለበት። አንድን ስም በእንግሊዝኛ ሦስት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ስለሚቻል ይህን ለተርጓሚው ግምት አትተዉት።

ምሳሌያችን

ልጁን ሊጠይቅ ለጉብኝት ቪዛ የሚያመለክት አንድ አባት እናስብ። የስድስት ወር ስቴትመንት ተጠይቋል። ተቋሙ ከሐምሌ 1 ቀን 2017 እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን 2018 ዓ.ም. ያለውን አትሞ ሰጠው። መነሻ ቀሪ ሒሳቡ 212,640.00 ብር ነው። እንዳይበዛብን እንቅስቃሴው አምስት ብቻ ይሁን።

- ነሐሴ 5 ቀን 2017፦ ገቢ 18,450.00፣ ቀሪ 231,090.00
- ጳጉሜን 3 ቀን 2017፦ ወጪ 9,500.00፣ ቀሪ 221,590.00
- ኅዳር 10 ቀን 2018፦ ገቢ 40,000.00፣ ቀሪ 261,590.00
- ታኅሣሥ 24 ቀን 2018፦ ገቢ 15,200.00፣ ቀሪ 276,790.00
- ታኅሣሥ 30 ቀን 2018፦ ወለድ 3,118.45፣ ቀሪ 279,908.45

ትርጉሙ መጣ። ንጹሕ ነው፣ ያምራል፣ የትርጉም ቤቱ ማህተም አለው። ውስጡ ግን ሦስት ስህተት አለ። እንዴት እንደምናገኛቸው እንይ።

አንድ፦ ረድፍ መቁጠር

ይዘቱን ከማንበባችሁ በፊት ቁጠሩ። ዋናው ስንት ገጽ ነው? በየገጹ ስንት ረድፍ አለ? ትርጉሙስ? ቁጥሩ ካልገጠመ የጎደለውን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የሚዘለሉት ትንንሾቹ ናቸው። የሳንቲም ወለድ፣ ከወለድ ላይ የተቆረጠ ግብር፣ የአገልግሎት ክፍያ። ተርጓሚው ሲደክመው ዓይኑ ከአንዱ ረድፍ ወደሚመስለው ረድፍ ይዘላል፤ በተለይ ሁለት እኩል ገቢ ተከታትሎ ሲመጣ።

ሁለት፦ ቀኖቹ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ። ለኤምባሲ የሚሄድ ትርጉም የሚወድቀው በአብዛኛው እዚህ ነው።

በእኛና በፈረንጆቹ መካከል ያለው ልዩነት ሁልጊዜ ስምንት ዓመት አይደለም። ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ድረስ ሰባት ነው። ከጃንዋሪ 1 በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ይሆናል። ክፉው ነገር ድንበሩ የሚያልፈው በታኅሣሥ ወር መሃል መሆኑ ነው። በ2018 ዓ.ም. ታኅሣሥ 22 ዲሴምበር 31 ቀን 2025 ነው፤ ታኅሣሥ 23 ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ነው። አንድ ወር፣ ሁለት የፈረንጅ ዓመት።

በምሳሌያችን ተርጓሚው ኅዳር 10ን ኖቬምበር 19 ቀን 2025 ብሎታል። ትክክል ነው። ከዚያ በዚያው «2025» ቀጥሎ ታኅሣሥ 24ን ጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ብሎ ጻፈ። መሆን የነበረበት 2026 ነው። ይህን ለመያዝ ዘመን መቀየሪያ እንኳ አያስፈልግም። የቀኑን ዓምድ ከላይ ወደ ታች ብቻ አንብቡ። ቀን ወደ ኋላ ከሄደ ስህተት አለ። ከኖቬምበር 2025 ቀጥሎ ጃንዋሪ 2025 ሊመጣ አይችልም።

ጳጉሜን ሌላው ነው። አሥራ ሦስተኛ ወር የፈረንጅ አቻ ስለሌለው አንዳንዱ ይዘለዋል፣ አንዳንዱ በዘፈቀደ ሴፕቴምበር ብሎ ቀኑን እንዳለ ይተወዋል። የእኛ አባት ስቴትመንት ላይ ጳጉሜን 3 ሴፕቴምበር 3 ሆኖ ቁጭ ብሏል። ትክክሉ ሴፕቴምበር 8 ቀን 2025 ነው። ጳጉሜን 1 ሴፕቴምበር 6 ላይ እንደሚውል ካወቃችሁ ቀሪው መቁጠር ነው። ይህንን ስህተት የቀን ቅደም ተከተሉ አያሳየውም፤ ሴፕቴምበር 3ም ከነሐሴው ቀን በኋላ ነውና። ስለዚህ የጳጉሜን ረድፎችን ለብቻቸው አውጥታችሁ እዩ።

ለቀሪዎቹ ወሮች የወር መባቻውን ብቻ ይዛችሁ መቁጠር ትችላላችሁ። መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10፣ ታኅሣሥ 1 ዲሴምበር 10፣ ጥር 1 ጃንዋሪ 9፣ ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ነሐሴ 1 ኦገስት 7። ነሐሴ 5 እንግዲህ ኦገስት 11 ነው።

ጳጉሜን ስድስት በሆነች ማግስት ግን ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። በዚህ ምክንያት መስከረም 1 ቀን 2016 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ነው። ግፊያው እስከ ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2024፣ ማለትም እስከ የካቲት 21 ቆይቷል። ከየካቲት 22 ጀምሮ ወደ ነበረበት ተመልሷል። ቀጥሎ የሚመጣው በ2020 ዓ.ም. መግቢያ ነው። የ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ያሉበት ስቴትመንት ካላችሁ ይህን አትርሱ።

እሱን ለመያዝ የምወዳት ዘዴ አለች። የተተረጎመውን ቀን ስልካችሁ ካላንደር ላይ ፈልጉና ምን ቀን እንደዋለ እዩ። በመስኮት የተደረገ ገቢ ወይም ወጪ እሑድ ላይ ካረፈ ተጠራጠሩ። ጥር 6 ቀን 2016ን ግፊያውን ረስቶ ያሰላ ሰው ጃንዋሪ 14 ቀን 2024 ይላል፤ እሑድ ነው። ትክክሉ ጃንዋሪ 15፣ ሰኞ ነው። በሞባይል የተላከ ገንዘብ ግን እሑድም ይገባል፤ ስለዚህ መግለጫው ምን እንደሚል አብራችሁ እዩ።

አሁን ስለ አጻጻፍ። ዋናው ላይ ቀኑ በቁጥር ብቻ «05/04/2018» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ለእኛ ታኅሣሥ 5 ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 14 ቀን 2025። ይህ እንዳለ ትርጉሙ ላይ ከተቀመጠ ግን የለንደኑ ኤፕሪል 5፣ የዋሽንግተኑ ሜይ 4 ብሎ ያነበዋል፤ ሁለቱም ደግሞ የዛሬ ስንት ዓመት የቆየ ወረቀት የመጣላቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ትርጉሙ ላይ ወሩ በፊደል ይጻፍ። የእኛው ቀንም አጠገቡ በቅንፍ ይቀመጥ፤ ያኔ ቆንስላው ሁለቱን ወረቀት ሲያመሳክር አይጠፋበትም።

አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዘመን አቆጣጠር መቀላቀልም የተለመደ ነው። ሠንጠረዡ በፈረንጅ ሆኖ ከላይ ያለው የደብዳቤ ቀን ወይም ማህተሙ ውስጥ ያለው ቀን በእኛ ይሆናል። እያንዳንዱ ቀን የትኛው እንደሆነ ለየብቻ ወስኑ። ቀኑ 31 ከሆነ የእኛ ሊሆን አይችልም። ወሩ 13 ከሆነ የፈረንጅ ሊሆን አይችልም።

ሦስት፦ ብሩ

ቁጥር ሁለት ሰው ሆኖ ማመሳከር ይሻላል። አንዱ ከዋናው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው ትርጉሙን ይዞ ይከታተላል። «አሥራ ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ» ብላችሁ አታንብቡ። «አንድ፣ ስምንት፣ አራት፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ነጥብ፣ ዜሮ፣ ዜሮ» በሉት። ሙሉውን ቁጥር ስንሰማ ጆሯችን የጠበቀውን ይሰማል።

ከዚያ ሒሳቡ ራሱ ይመስክር። የትርጉሙን ቁጥሮች (የዋናውን አይደለም) ኤክሴል ላይ አስገቡ። ሦስተኛው ዓምድ ወጪ፣ አራተኛው ገቢ፣ አምስተኛው ቀሪ ይሁን። መነሻ ቀሪው ሁለተኛው መስመር ላይ ይቀመጥ። ቀጥሎ ስድስተኛው ዓምድ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ይቺን ጻፉና ወደ ታች ጎትቷት፦

```
=ROUND(E2+D3-C3-E3,2)
```

ሁሉም ዜሮ መሆን አለበት። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ −3,600 ወጣ። ልዩነቱን ለዘጠኝ አካፍሉት። ያለ ቀሪ ከተካፈለ፣ ሁለት አኃዞች ቦታ ተቀያይረው ሊሆን ይችላል፤ የሒሳብ ሰዎች የድሮ ዘዴ ነው። 3,600 ለዘጠኝ 400 ነው። ዋናውን ስናይ 18,450 ነው፣ ትርጉሙ ላይ 14,850 ተጽፏል። ስምንቱና አራቱ ተቀያየሩ። ቀሪ ሒሳቡ ላይ ያለው 231,090 በትክክል ስለተገለበጠ ዓይን ብቻውን አያየውም። የኤምባሲው ሰው ግን ካልኩሌተር ካነሳ ያየዋል።

ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ቢገጥሙም የሚያመልጥ አንድ ስህተት አለ። ገቢና ወጪ የዓምድ ርዕሳቸው ከተቀያየረ ቁጥሮቹ ሁሉ ከዋናው ጋር ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ከርዕሶቹ አንዱን ያዙና ጠይቁ፦ በዚህ ረድፍ ቀሪው ጨመረ ወይስ ቀነሰ?

ሌላው፣ ብሩ ብር ሆኖ ይቅር። ተርጓሚው ወደ ዶላር ወይም ዩሮ መመንዘር የለበትም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን፣ በየትኛው ቀን ዋጋ እንደመነዘረ የማይታወቅ ቁጥር ጥያቄ ከመጥራት ሌላ አይፈይድም። ምንዛሪው ከተጠየቀ ተቋሙ ወይም ባንኩ ቀኑንና ዋጋውን ጠቅሶ ለብቻው ደብዳቤ ይጻፍ። ወደ ጀርመንኛ የሚተረጎም ከሆነ ደግሞ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ቦታ እንደሚለዋወጡ እወቁ። የእኛ 15,200.00 እዚያ 15.200,00 ነው። የትኛውም ይሁን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገጽ አንድ ዓይነት ይሁን።

አራት፦ ማህተም፣ ቲተር፣ ፊርማ

ትርጉሙ ማህተሙን አይገለብጥም፤ በጽሑፍ ይገልጸዋል። ማህተሙ ባለበት ቦታ በቅንፍ፣ ክብ ማህተም መሆኑ፣ ውስጡ ምን እንደተጻፈ፣ ቀን ካለው ቀኑ ይሰፍራል። ፊርማ ካለ «ፊርማ» ይባላል። ቲተር ካለ ስሙና የሥራ መደቡ ይተረጎማል። ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ «የማይነበብ» ተብሎ ይጻፍ። ይህ ነውር አይደለም። ነውሩ ደብዛዛውን ማህተም የተቋሙን ስም ከላይ ዓይቶ እንደተነበበ አድርጎ መሙላት ነው።

ማመሳከሪያው ቀላል ነው። የዋናውን ኮፒ አንሱ (ዋናው ላይ አትጻፉ!) እና እያንዳንዱን ማህተም፣ ቲተርና ፊርማ በእርሳስ ቁጥር ስጡት። ከዚያ ትርጉሙ ላይ ያንኑ ቁጥር እየፈለጋችሁ ምልክት አድርጉ። ኮፒው ላይ ሰባት ቁጥር ካለ ትርጉሙ ላይ ሰባት መግለጫ መገኘት አለበት፤ በየገጹም ልክ ልክ። ብዙ ተርጓሚ የመጨረሻውን ገጽ ማህተም ብቻ ገልጾ የመሃሎቹን ይተዋል።

የትርጉም ቤቱ የራሱ ማህተም ሌላ ነገር ነው። ከተቋሙ ማህተም መግለጫ ጋር እንዳይምታታ በገጹ ግርጌ፣ ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ይሁን። ማረጋገጫው ውስጥ ምን መኖር እንዳለበት እንደየአገሩ ይለያያል። እንግሊዝ ትርጉሙ ትክክለኛ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቃል፣ የተተረጎመበትን ቀን፣ የተርጓሚውን ሙሉ ስምና ፊርማ፣ አድራሻውንም ትጠይቃለች። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ደግሞ ተርጓሚው ትርጉሙ ሙሉና ትክክል መሆኑን፣ እንዲሁም ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቁ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይፈልጋል። «ሙሉ» የምትለዋን ልብ በሉ። የሚጠቅመውን ገጽ ብቻ አስተርጉሞ ማቅረብ እዚያ ላይ አይሠራም።

ስህተቱ የዋናው ከሆነስ?

ይህ ያጋጥማል። ስናመሳክር ትርጉሙ ትክክል ሆኖ ዋናው ላይ ስም ተሳስቶ ወይም ድምር ተዛብቶ ይገኛል። ተርጓሚው ዝም ብሎ እንዲያስተካክለው አትለምኑት። «ምን አለበት፣ አንድ ፊደል ናት» የሚባልበት ቦታ አይደለም። የተስተካከለው ትርጉም ከዋናው ጋር አይገጥምም፤ ጥፋተኛ የሚመስለውም እናንተ ናችሁ። ወደ ተቋሙ ተመለሱ፣ አስተካክሎ ያትም፣ ማህተሙ ይመታ፣ ከዚያ እንደገና ይተርጎም። ጊዜ ከሌለ ተርጓሚው እንዳለ ተርጉሞ «በዋናው ላይ እንዲህ ተጽፏል» የሚል ማስታወሻ ያክል፤ ተቋሙም ስህተቱን የሚያብራራ ደብዳቤ ይስጣችሁ።

ለፍርድ ቤት ሲሆን

አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፣ ሁለት ነገር ግን ይጨመራል።

የመጀመሪያው የዓምዶቹ ስም ነው። ክሬዲት የሚለውን «ብድር» ብሎ የሚተረጉም አለ። በፍቺ የጋራ ንብረት ክርክር ላይ ወደ ሒሳቡ የገባ 400,000 ብር «ብድር 400,000» ተብሎ ከተነበበ፣ ሀብት የነበረው ዕዳ መሰለ ማለት ነው። ክሬዲት ገቢ፣ ዴቢት ወጪ ይባል። በስህተት ገብቶ የተመለሰ ገንዘብም «ተመላሽ» መሆኑ ይገለጽ፤ ካልሆነ አንዱ ገንዘብ ሁለቴ ይቆጠራል።

ሁለተኛው እንደገና ቀን ነው። ተርጓሚው የፈረንጁን ቀን ሳይናገር ወደ እኛ እንዳይቀይረው። የዋናው ቀን እንዳለ «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ይቀመጥ፣ የእኛው አጠገቡ በቅንፍ ይግባ። በድሮ ግብይት ላይ ይህ ካልተደረገ «2017» የቱ 2017 ነው የሚለው ራሱ ክርክር ይሆናል። ለጠበቃችሁም ሥራ ታቀላላችሁ፣ በትርጉሙ ላይ የረድፍ ቁጥር ካለና ከዋናው ገጽና ረድፍ ጋር ከገጠመ።

ስህተት ሲገኝ

ተርጓሚው በእስክሪብቶ ሰርዞ አያርም። ገጹ እንደገና ይታተማል፣ ይፈረማል፣ ማህተም ይመታበታል። አዲሱን ገጽ ስትቀበሉ የታረመውን ረድፍ ብቻ አትዩ፤ ገጹን በሙሉ እንደገና አመሳክሩ። አንድ ረድፍ ሲገባ የመጨረሻው ረድፍ ወደሚቀጥለው ገጽ ይገፋል፣ የገጹ ማህተም መግለጫም ቦታውን ይስታል።

ከገባ በኋላ ስህተት ካያችሁ ገጹን በድብቅ ለመቀየር አትሞክሩ። ለኤምባሲ ከሆነ የታረመውን ትርጉም ሙሉውን፣ የትኛው ገጽና ረድፍ እንደታረመ ከሚገልጽ አጭር ደብዳቤ ጋር ላኩ። ለፍርድ ቤት ከሆነ በመዝገብ ቁጥራችሁ በማመልከቻ አስገቡት፤ ለተከራካሪውም ወገን ኮፒ ይድረሰው።